አንድ ኦክሲን፣ ሁለት መንገድ

ጥያቄ፦ ልጆቼ በጣሳ የዘሩት ባቄላ መስኮት ላይ ነበር፤ ግንዱም ወደ ብርሃኑ አዘንብሎ ነበር። አንድ ማታ ጣሳው ወድቆ ተጋድሞ አደረ። ጠዋት ስናየው የግንዱ ጫፍ ቀና ብሏል። አፈሩን ስናራግፍ ደግሞ የሥሩ ጫፍ ወደ ታች ታጥፏል። ሁለቱንም የሚያጥፈው ኦክሲን የተባለ ሆርሞን ነው ሲባል እሰማለሁ። አንድ ሆርሞን እንዴት አንዱን ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች ይመልሳል?

መልስ፦ ጣሳው ሲጋደም ኦክሲኑ በግንዱም በሥሩም የበዛው በታችኛው ጎን ነው። የሚለያዩት ከዚያ በኋላ ነው። የግንድ ህዋሳት ኦክሲን ሲበዛላቸው ግድግዳቸው ይላላና ውሃ ስበው ይረዝማሉ። ታችኛው ጎን ከላይኛው በልጦ ሲረዝም ግንዱ ቀና ይላል። ሥር ግን ለኦክሲን እጅግ ስሱ ነው፤ ግንድን የሚያስረዝመው መጠን የሥርን እድገት ይገታል። ስለዚህ ታችኛው ጎን ወደኋላ ይቀራል፣ ላይኛው ይቀድማል፣ ሥሩም ወደ ታች ይጎብጣል።

ሥሩ ታች የቱ እንደሆነ የሚለየው ጫፉን በሸፈነው ቆብ ነው። በቆቡ ህዋሳት ውስጥ ከባድ የስታርች ቅንጣቶች አሉ። ሥሩ ሲጋደም በደቂቃዎች ውስጥ ወደ አዲሱ ታች ይዘቅጣሉ፤ ኦክሲንን የሚያሳልፉት ፕሮቲኖችም በብዛት ወደዚያ ጎን ይዞራሉ። የበቆሎ ሥር ቆቡ በጥንቃቄ ቢነሳለት ማደጉን አያቆምም፤ ነገር ግን አዲስ ቆብ እስኪያበቅል ድረስ አጋድመው ቢያስቀምጡት አይታጠፍም።

የመስኮቱም ነገር ከዚሁ ኦክሲን አይወጣም። ብዙ ሰው ብርሃን ተክሉን የሚስበው ይመስለዋል። የሚረዝመው ግን ጥላ ያረፈበት ጎን ነው። ተክሉ ሰማያዊውን ብርሃን በልዩ ፕሮቲን ይቀበላል፣ ኦክሲኑም ወደ ጥላው ጎን ይሸሻል። ቻርልስ ዳርዊን ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር በ1880 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሣር ቡቃያ ጫፉ ሲሸፈን እንደማይታጠፍ አሳይቷል። መታጠፉ የሚታየው ከጫፉ ዝቅ ብሎ ስለሆነ፣ ከጫፍ ወደ ታች የሚተላለፍ ነገር መኖሩ ታወቀ። በ1920ዎቹ ፍሪትስ ቬንት የአጃ ቡቃያ ጫፎችን ቆርጦ በአጋር ላይ አሳረፈ፤ ከዚያም የአጋሩን ቁራጭ ጫፉ በተቆረጠ ቡቃያ አንድ ጎን ላይ አስቀመጠ። ቡቃያው በጨለማ፣ ምንም ብርሃን ሳያገኝ፣ ከአጋሩ በተቃራኒ አቅጣጫ ጎበጠ።

የእርስዎ ጣሳ የወደቀው ማታ ስለሆነ ያያችሁት የስበትን ሥራ ነው። የብርሃኑን ለብቻው ለማየት ገብስ በጨለማ አብቅሉ። ቡቃያው ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ሲሆን፣ ገና ቅጠል ሳይወጣው፣ ለከፊሎቹ ከአሉሚኒየም ወረቀት ትንሽ ቆብ አድርጉላቸው፤ ሌሎቹን ተዉአቸው። ከዚያ ሳጥን ውስጥ አስገብታችሁ በአንድ ጎኑ ብቻ ቀዳዳ ክፈቱ። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቆብ የሌላቸው ወደ ቀዳዳው ያዘነብላሉ። ቆብ ያላቸውም አብረው ካዘነበሉ፣ ቆቡ ላልቶ ብርሃን አስገብቷልና አጥብቃችሁ ድገሙት።