ቡና ለቅሞ፣ ቆልቶና ፈጭቶ ከቤት ሳይወጡ መተዳደር ይቻላል?

ጥያቄ፦

ውድ አማካሪ፣ የምጽፍልዎ ከዲላ ነው። ዕድሜዬ 31 ነው። በሞተር ሳይክል አደጋ አከርካሪዬ ከተጎዳ ወዲህ የምንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው፤ ከወገቤ በታች ምንም አይሰማኝም። እጆቼ ግን ሙሉ ጤነኛ ናቸው። የምኖረው ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው፤ ቤታችን መንገድ ዳር ሲሆን አንዱ ክፍል ትልቅ መስኮት አለው። ወንድሜ የስፌት መኪና ልግዛልሽ ይለኛል። ጎረቤታችን ዶሮ አርቢ ትላለች። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ቡና ነው፤ ለቅሜ፣ ቆልቼና ፈጭቼ ብሸጥ ደስ ይለኛል። ሰው ሁሉ ግን «በጌዴኦ ምድር ቡና ማን ይገዛሻል? ሁሉም በቤቱ ይቆላል» እያለ ይስቅብኛል። ከእቁብ የወጣልኝ ጥቂት ገንዘብ አለኝ፤ እንዳላጠፋው እፈራለሁ። ምን ይመክሩኛል?

ስሜ ይቆይ፣ ከዲላ

መልስ፦

እህቴ፣ ያሰቡት ሥራ ከሦስቱ ለእርስዎ የሚስማማው ነው። የስፌት መኪና በአብዛኛው በእግር ይረገጣል። በእጅ የሚታዘዝ ሞተር ሊገጠምለት ቢችልም ዋጋው ይጨምራል፣ ሙያውንም ከመጀመሪያው መማር ይኖርብዎታል። ዶሮ ደግሞ መኖ መሸከምና ኩስ መጥረግ ስላለው ሥራው በእናትዎ ላይ ይወድቃል። ቡና ግን ከመልቀም እስከ ማሸግ ያለው ሥራ ተቀምጠው በእጅዎ የሚሠሩት ነው። እርስዎን የሚያሰጉት እሳቱ፣ በቁላት የሚጠፋው ክብደትና ዱቤው ናቸው፤ ስለ ሦስቱም እነግርዎታለሁ።

በቅድሚያ ማን እንደሚገዛዎ እንመልከት። ጎረቤቶችዎ ያሉት ግማሹ እውነት ነው። እናት ባለችበት ቤት ቡና በየቀኑ ስለሚቆላ እነዚህ ቤቶች ገበያዎ አይደሉም። ደንበኞችዎ ለመቁላት ጊዜ ወይም ቦታ የሌላቸው ናቸው፦ ጀበና ቡና የሚያፈሉ ሴቶች፣ ብቻቸውን ተከራይተው የሚኖሩ የመንግሥት ሠራተኞች፣ የዲላ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች፣ ለሐዋሳና ለአዲስ አበባ ዘመድ የሚልኩ ቤተሰቦች። ከሁሉም በፊት የጀበና ቡና ሻጮችን ያነጋግሩ። ጠዋት ከመውጣታቸው በፊት ቡና ለቅመው መጨረስ አድካሚ ስለሆነ፣ ተለቅሞ የተቆላ ቡና ማለዳ ቢደርሳቸው ደስ ይላቸዋል።

ለዚህ ነው በቡና ሽያጭ እንዳይጀምሩ የምመክርዎ። በመጀመሪያው ወር የሰው ቡና ይልቀሙና ይቁሉ፣ ክፍያዎንም በኪሎ ይተምኑ። ደንበኛዋ ጥሬ ቡናዋን ታመጣለች ወይም ትልካለች፤ እርስዎ በፊቷ መዝነው ይረከቡና ለቅመው፣ ቆልተው፣ መልሰው መዝነው ያስረክቧታል። በዚህ መንገድ ያለዎት ገንዘብ ሳይነካ እጅዎ ይፈታል፣ ደንበኛም ያፈራሉ። በወሩ መጨረሻ «ቡናውንም አንቺው አምጪልኝ» የሚሉ ሁለት ሦስት ደንበኞች ካገኙ፣ የራስዎን ቡና መግዛት ያኔ ይጀምሩ። ማንም እንዲህ ካላለዎት ገንዘብዎ በእጅዎ ነው።

ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከለቀማ ነው። ነጭ ትሪ ይግዙ፤ ጥቁሩ ፍሬ በነጭ ላይ ቶሎ ይታያል። በመስኮቱ ብርሃን ጥቁር ፍሬ፣ ሰባራ፣ በነፍሳት የተበሳ፣ የሻገተና ጠጠር ይለዩ። የጠረጴዛው የታችኛው ክፍል ከወለሉ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፤ አለዚያ የወንበርዎ እጀታና ጉልበትዎ ስለማይገቡ ቀኑን ሙሉ አጎንብሰው ይውላሉ። በየ15 እስከ 30 ደቂቃው በእጅዎ ተደግፈው ከመቀመጫው ይነሱ፣ ወይም ወደ ጎንና ወደ ፊት ዘንበል ብለው ክብደትዎን ያሳርፉ። ስሜት በሌለው አካል ላይ የሚወጣ ቁስል ሳይታወቅ ይሰፋል፤ ከተነሳ ደግሞ ሥራውን ለወራት ሊያስቆም ይችላል። ለማስታወስ የስልክዎን ደወል ይጠቀሙ።

ቁላቱን በተመለከተ ትኩስ ነገር በጭንዎ ላይ ፈጽሞ አያስቀምጡ፤ ምጣዱንም፣ የተቆላውን ቡና የያዘውን ትሪም። እግርዎ ቢቃጠል አይሰማዎትም፣ ጉዳቱን የሚያዩት ዘግይተው ነው። ምድጃውን የማይነቃነቅ ከፍታ ላይ፣ ከፊት ለፊትዎ ሳይሆን ከጎንዎ ያድርጉ፤ ቀሚስዎ ወይም ብርድ ልብስዎ አይጠጋው። ከሰል የሚጠቀሙ ከሆነ በርና መስኮቱ ክፍት ይሁን፤ የሚያፍነው ጋዝ ሽታ የለውም። አሸዋ የሞላ ባልዲ ከአጠገብዎ ይኑር። ምጣዱን ከእሳት የሚያነሳው ወንድምዎ ወይም እናትዎ ቢሆኑ ይሻላል። እነርሱ በሌሉበት ሰዓት መልቀምና ማሸግ እንጂ መቁላት የለም።

በአንድ ዙር ከ500 ግራም በላይ ባይቆሉ ይሻላል፤ ሲበዛ ከታች እያረረ ከላይ ጥሬ ይቀራል። ሙቀቱ እኩል እንዲደርሰው ሳያቋርጡ ያማስሉት። በመጀመሪያ አረንጓዴው ወደ ቢጫ ይቀየርና የጥራጥሬ ሽታ ይሰጣል፤ ቀጥሎ ቡኒ ይሆናል፤ ከዚያ ፍሬዎቹ ይንጣጣሉ። ከእንጣጣው በኋላ ያሉት ደቂቃዎች ጣዕሙን ስለሚወስኑ ዓይንዎን ከምጣዱ አያንሱ። የሚፈልጉት ቀለም ሲደርስ ሰፊ ሰፌድ ላይ ገልብጠው ወዲያው ያራግቡት። በምጣዱ ላይ ከቆየ እሳቱ ቢጠፋም መቁላቱ ይቀጥላል። ሲቀዘቅዝ ገርጥተው የቀሩ ፍሬዎችን ይልቀሙ፤ ያልበሰለ ቡና ሲለቀም የገቡ ናቸው፣ ጣዕሙን ያበላሻሉ።

አሁን በጣም ወደምወደው መሣሪያ፣ ወደ ሚዛኑ እንምጣ። ጥሬ ቡና ሲቆላ ውኃውን ስለሚያጣ ክብደቱ ይቀንሳል። 500 ግራም ጥሬ ቡና መካከለኛ ከተቆላ ከ400 እስከ 420 ግራም ያህል ይወጣል። ከ390 በታች ከሆነ አርሯል፣ ከ430 በላይ ከሆነ አልበሰለም። ዛሬም ነገም ተመሳሳይ ጣዕም ለመስጠት ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም፤ እያንዳንዱን ዙር መዝነው በደብተር ይጻፉ።

ይኸው የክብደት መቀነስ የብዙ ቤት ውስጥ ነጋዴዎችን ካፒታል ይበላል። ምሳሌ እንሥራ፤ ዋጋዎቹ ለስሌት እንዲመቹ የተቀመጡ ስለሆኑ በዕለቱ የዲላ ገበያ ዋጋ ይተኩዋቸው። 5 ኪሎ ጥሬ ቡና በኪሎ 600 ብር ገዙ እንበል፤ 3000 ብር ወጣ። በለቀማ 300 ግራም ተጣለ፣ 4.7 ኪሎ ተቆላ። ሲቆላ ወደ 3.9 ኪሎ ወረደ፣ ሲፈጭም ጥቂት ባከነና 3.85 ኪሎ ተገኘ። ለከሰል፣ ለማስፈጫ፣ ለፌስታልና ለማድረሻ 385 ብር ወጣ። ጠቅላላ ወጪው 3385 ብር ነው።

«ቡናው 600፣ ሌላ ወጪ 100፤ በ850 ብሸጥ 150 አተርፋለሁ» የሚል ሰው 3.85 ኪሎውን ሸጦ የሚያገኘው 3272 ብር ያህል ነው። ያተረፈ መስሎት ከኪሱ 112 ብር ያህል ጨምሯል። እውነተኛው የአንድ ኪሎ ወጪ 3385 ለ3.85 ሲካፈል ነው፤ ወደ 879 ብር ይመጣል። በኪሎ 980 ብር ቢሸጥ በዚህ ዙር 388 ብር ያህል ይተርፋል። ያስታውሱ፦ የተቆላው ቡና መነሻ ዋጋ ከጥሬው በሦስት አሥረኛ ያህል ከፍ ያለ ነው፤ ሌላ ወጪ ገና ሳይታሰብ። ትርፍ የሚያስገኘውን ዋጋ ገበያው የማይቀበል ከሆነ ቡናውን አይግዙ፤ በቁላት አገልግሎቱ ይቀጥሉ።

ግዢውን ከሕጉ ጋር ያስተያዩ። የቡና ግብይት በ2009 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1051 የሚመራ፣ ፈቃድ የሚጠይቅ ዘርፍ ነው። ስለዚህ ከገበሬ እሸት ወይም ጀንፈል መሰብሰብ ውስጥ አይግቡ፤ የተፈለፈለ ጥሬ ቡና ፈቃድ ካለው የአገር ውስጥ ቸርቻሪ ይግዙና ደረሰኝ ይያዙ። ቆልቶና ፈጭቶ ለመሸጥ የሚያስፈልገውን ፈቃድ ደግሞ ወንድምዎ በከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ይጠይቅልዎ። በፌስታልዎ ላይ «ይርጋጨፌ» ብለው አይጻፉ። ኢትዮጵያ ስሙን በውጭ አገራት በንግድ ምልክትነት አስመዝግባለች፤ ቡናው ከየት እንደመጣም በእርግጠኝነት ላያውቁ ይችላሉ። «ዲላ ላይ የተቆላ» ብለው ክብደቱንና የተቆላበትን ቀን ቢጽፉ ይበቃል። ገብስም ሆነ ሽምብራ አይቀላቅሉ፤ አንድ ጊዜ የተገኘበት ሻጭ ስሙን መልሶ አያገኝም።

አዲስ የተቆላ ቡና ለቀናት ጋዝ ያወጣል፤ ወዲያው ካሸጉት ፌስታሉ ይነፋል ወይም ይፈነዳል። ክዳኑ ባልጠበቀ ዕቃ ውስጥ ቢያንስ ሌሊቱን ያሳድሩት። ለጀበና ሻጮች ሳይፈጭ ይስጧቸው፤ ለቀሩት ደግሞ ትዕዛዝ ሲመጣ ብቻ ይፍጩ፣ በ250 ግራም ያሽጉ፤ የተፈጨ ቡና በሁለት ሳምንት ውስጥ ማለቅ አለበት። ጥሬውንም ከበርበሬ፣ ከሳሙናና ከጋዝ ያርቁ፤ ሽታ ይስባል።

ለክፍያ ቴሌብር ይበቃዎታል፤ ባንክ መሄድ አይጠበቅብዎትም። ሆኖም ሰው ከሩቅ የሚልክልዎን የክፍያ ምስል አይመኑ፤ ቡናው ከቤት ከመውጣቱ በፊት በራስዎ ስልክ ላይ ሒሳቡ መግባቱን ይመልከቱ። ዱቤ ለሚጠይቅ ደንበኛ አንድ ዙር ብቻ ይፍቀዱ፣ ያለፈው ሳይከፈል ሁለተኛው አይወጣም። ብድር ለሦስት ወር ይርሱት፤ ደብተርዎ ሦስት ወር ትርፍ ካሳየ ብቻ፣ ከኦሞ ባንክ ወይም ከሌላ አበዳሪ ዘንድ ለኤሌክትሪክ መፍጫ የሚሆን ገንዘብ መጠየቅ ይቻላል።

ስለዚህ ወንድምዎ የስፌት መኪናውን ይተውና በመጀመሪያ ግራም የሚለይ ሚዛን፣ ነጭ ትሪና ደብተር ይግዛልዎ። በዚህ ሳምንት ሦስት ጀበና ሻጮችን ያስጠሩና የእያንዳንዳቸውን 2 ኪሎ ለቅመው ይቁሉላቸው። ሥራው ይመጥንዎ እንደሆነ ከዚያ በኋላ የሚነግርዎ የእነሱ ተመልሶ መምጣት እንጂ የጎረቤት አስተያየት አይደለም።