አትክልትን በኦቨን መጥበስ፦ ሙቀቱ፣ አደራደሩና ማገላበጡ

ድንችና ካሮት በኦቨን ጠብሰው የሚያውቁ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ። ትሪው ሞልቶ ይገባል፤ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሲወጣ ግን አትክልቱ በስሏል እንጂ አልቀላም፤ የተቀቀለ ይመስላል። እንዲቀላ ብለው መልሰው ሲያስገቡት ደግሞ ዳር ዳሩ ይጠቁራል፣ መሐሉ እንደነጣ ይቀራል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የኦቨኑ መበላሸት ሳይሆን ውሃ ነው። በዚህ ወር ጽሑፋችን ይህን ምክንያት ከተመለከትን በኋላ አንድ ትሪ ድንችና ካሮት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንጠብሳለን።

ውሃው ሳይወጣ አይቀላም

ድንችም ሆነ ካሮት አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ነው። ውጫዊው ገጽ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ሙቀቱ ውሃ ከሚፈላበት መጠን አያልፍም። ኦቨኑ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሞቅም እርጥቡ ገጽ ከ100 ዲግሪ በላይ አይወጣም። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍተኛ ቦታ ደግሞ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ከዚያም በታች ይቆያል። አትክልት ደህና አድርጎ መቅላት የሚጀምረው ግን ገጹ 140 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ገጹ መጀመሪያ መድረቅ አለበት። ከዚህ በታች የምንዘረዝራቸው ነገሮች ሁሉ ለዚህ አንድ ዓላማ የሚደረጉ ናቸው።

አዘገጃጀት

600 ግራም ድንች (አራት መካከለኛ ፍሬ) እና 300 ግራም ካሮት እንውሰድ። ድንቹን ልጠን ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ጎን ባላቸው ቁራጮች እንቁረጥ። ካሮቱንም ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት እንቆርጠዋለን። ዋናው ነገር የእያንዳንዱ ዓይነት ቁራጮች እኩል መሆናቸው ነው። ትንሹና ትልቁ ከተደባለቁ ትንሹ ሲያር ትልቁ ገና ጥሬ ነው።

የተቆረጠውን ድንች በቀዝቃዛ ውሃ እናለቅልቀው። ከላዩ ያለው ስታርች ይታጠባል፤ ከትሪው ጋር መጣበቁም ይቀንሳል። ከዚያ ድንቹንም ካሮቱንም በንጹሕ ፎጣ ደህና አድርገን እናድርቅ። እዚህ ላይ በፎጣ ያልደረቀውን ውሃ በኋላ ኦቨኑ ማድረቅ ይኖርበታል፤ ያን ያህል ጊዜም ይባክናል። ሲደርቅ በሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና በግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በሰፊ ሳህን እናሸው። ዘይቱ እያንዳንዱን ቁራጭ በስሱ መሸፈን አለበት፤ ከሥር ከተጠራቀመ ግን በዝቷል። በርበሬና የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት አሁን አይጨመሩም። በዚህ ሙቀት ቶሎ አርረው ስለሚመሩ የመጨረሻው አምስት ደቂቃ ላይ ይነሰነሳሉ።

የሙቀቱ መጠን

ኦቨኑ አትክልቱ ከመግባቱ በፊት ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ በ220 ዲግሪ ይሙቅ። ማራገቢያ ያለው ኦቨን ከሆነ 200 ዲግሪ ይበቃል፤ የሚነፍሰው አየር እንፋሎቱን ቶሎ ያስወግዳልና። በ160 ዲግሪ ብንጠብስ አትክልቱ ውሃውን ቀስ እያለ ስለሚለቅ ሳይቀላ ይሟሽሻል። በ250 ዲግሪ ደግሞ ውስጡ ሳይበስል ውጩ ይጠቁራል።

ባዶውን ትሪ ከኦቨኑ ጋር ማሞቅ ጠቃሚ ነው። አትክልቱ ትኩስ ብረት ላይ ሲያርፍ ወዲያው «ጭስ» የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ይህም ከሥር በኩል ያለው ውሃ መውጣት መጀመሩን ያሳያል። ትሪውን ስናወጣ እጃችንን በወፍራም ጨርቅ እንጠብቅ።

በትሪው ላይ አደራደር

የብዙዎች ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። ቁራጮቹ ከተጠጋጉ ከአንዱ የሚወጣው እንፋሎት ሌላውን ያረጥባል። ከተደራረቡ ደግሞ የታችኛው በእንፋሎት ይቀቀላል። ስለዚህ በአንድ ድርብ ብቻ፣ በመካከላቸው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ትተን እንደርድራቸው። 40 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትሪ ከላይ የጠቀስነውን 900 ግራም በዚህ መልኩ ደህና አድርጎ ይይዛል። ለትልቅ ቤተሰብ እጥፉን የሚጠብስ ሰው በአንድ ትሪ ከሚከምረው ሁለት ትሪ ይጠቀም፤ ወይም በሁለት ዙር ይጥበስ። የትሪው ጠርዝ ዝቅ ያለ ይሁን። ጥልቅ ድስት እንፋሎቱን አፍኖ ይይዛል።

ስንደረድር ጠፍጣፋው የተቆረጠ ጎን ወደ ታች ይሁን። ከብረቱ ጋር የተነካካው ገጽ ከአየሩ ይልቅ ከብረቱ ብዙ ሙቀት ስለሚያገኝ ቀድሞ የሚቀላው እሱ ነው።

መቼ እናገላብጥ?

የመጀመሪያው 20 ደቂቃ አይነካ። በየአምስት ደቂቃው የሚያገላብጥ ሰው የትኛውም ጎን ደርቆ እንዲቀላ ጊዜ አይሰጠውም፤ በሩ በተከፈተ ቁጥርም ኦቨኑ ይቀዘቅዛል። ከ20 ደቂቃ በኋላ አንድ ቁራጭ በጠፍጣፋ ማንሻ እንሞክር። የቀላ ቁራጭ ከብረቱ በቀላሉ ይላቀቃል። ከያዘ ገና ነው ማለት ነውና አምስት ደቂቃ እንጨምርለት።

ስናገላብጥ ዝም ብለን ከማማሰል ያልቀላው ጎን ብረቱን እንዲነካ እያደረግን፣ ክፍተቱንም እየጠበቅን እንመልሳቸው። አብዛኛው ኦቨን የኋላው ክፍል ከፊቱ ይበልጥ ይሞቃል። ስለዚህ በዚሁ ጊዜ ትሪውን አዙረን ከኋላ የነበረውን ወደ ፊት እናምጣው። ሁለት ትሪ ካለ የላዩና የታቹ ቦታ ይለዋወጡ። ከዚያ በኋላ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። ቢላዋ ያለ ችግር ከገባ በስሏል። ስኳር የሚበዛበት ካሮት ቀድሞ ከደረሰ እሱን አውጥተን ድንቹን እናቆየው።

ስህተቱን በምን እናውቃለን?

ከ20 ደቂቃ በኋላ የታችኛው ጎን ገና ነጭ ሆኖ ትሪው ላይ ውሃ ከታየ፣ አትክልቱ ተጠጋግቷል ወይም አልደረቀም። ውሃ ሳይኖር ነጭ ከሆነ ኦቨኑ ቁልፉ ከሚያሳየው በታች ነው የሚሞቀው፤ የመብራት ኃይል ሲቀንስም ይህ ይከሰታል። ዳሩ ጠቁሮ መሐሉ ከጠነከረ ደግሞ ሙቀቱ በዝቷል ወይም ቁራጩ ትልቅ ነው፤ 20 ዲግሪ እንቀንስ።

ወርቃማ እንጂ ጥቁር አይሁን

በ2002 የስዊድን የምግብ ባለሥልጣንና የስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ እንደ ድንች ያሉ ስታርች የሚበዛባቸው ምግቦች ከ120 ዲግሪ በላይ ሲጠበሱና ሲጋገሩ አክሪላማይድ የተባለ ንጥረ ነገር እንደሚፈጠርባቸው አስታወቁ። ይህ ንጥረ ነገር በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ካንሰር አስከትሏል። በምግብ ውስጥ በሚገኘው መጠን በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን በግልጽ አልተረጋገጠም። የጤና ባለሥልጣናት ምክር መጠኑን መቀነስ ነው። ቀለሙ በጠቆረ ቁጥር መጠኑ ስለሚጨምር ድንቹ ወርቃማ ሲሆን እናውጣው፤ ያረረውን ቆርጠን እንጣል። በፍሪጅ የሰነበተ ድንች ከፊል ስታርቹ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ቶሎ ይጠቁራል፤ እሱን ስንጠብስ በተለይ ከገላበጥነው በኋላ ዓይናችንን አንንቀል። ሲቀቀል ግን ሙቀቱ ከሚፈላ ውሃ ስለማያልፍ ይህ ነገር አያሰጋም።

በኦቨን የወጣው አትክልት ቶሎ ካልቀረበ ክዳን አይደረግበት። የታፈነው እንፋሎት ያደረቅነውን ገጽ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መልሶ ያለሰልሰዋል።