መብራት ሲጠፋ የሚፈጥነው ኔትወርክ

ቆይ እህቴ፣ ያንን ኬብል ገና አትንቀዪው። ብርቱካናማ መብራት ስላየሽ ፖርቱ የተበላሸ መስሎሻል። አልተበላሸም። ዝም በል ተብሎ ዝም ያለ ፖርት ነው፤ ዳታ አያሳልፍም እንጂ ከማዶ ያለው ስዊች የሚልከውን መልእክት ቁጭ ብሎ እየሰማ ነው። ወንበርሽን ትንሽ ፈቀቅ አድርጊና ልቀመጥ። ከመንካትሽ በፊት ካርቱም ያጋጠመኝን ልንገርሽ።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። እንደ ብዙው ሐበሻ ዴይም ሰፈር ተከራይቼ፣ ቀን ቀን አማራት አንድ ቢሮ እሠራ ነበር። የቢሮው ስም ይቅርብሽ። ሠራተኛው ከምድር ቤት እስከ ሁለተኛ ፎቅ ተበታትኖ ይቀመጣል፤ በየፎቁ አንድ አንድ ስዊች አለ። የካርቱምን በጋ አታውቂውም። ሙቀቱ ሲበረታ እዚያ ከህረባ የሚሉት መብራት በቀን ስንት ጊዜ ይሄዳል። ሲሄድ ጀነሬተሩ ይነሳል፤ ግን የሚሸከመው ምድር ቤቱንና አንደኛ ፎቁን ብቻ ነበር። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ሰዎች መብራት እስኪመጣ በረንዳ ላይ ሻይ ይጠጣሉ።

አንድ ቀን የአንደኛ ፎቅ ሒሳብ ሠራተኛዋ መጥታ «መብራት ሲጠፋ ሲስተሙ ይፈጥናል፤ ሲመጣ ይንቀራፈፋል» አለችኝ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁባት፤ እኔም ፈገግ አልኩ። ሴትዮዋ ግን ልክ ነበረች፤ የተናገረችው ምልክት ደግሞ ችግሩን በቀጥታ የሚያሳይ ነበር። ስለዚህ ተጠቃሚ እንግዳ ነገር ሲነግርሽ አትሳቂ፤ ሰዓቱን ጠይቂና ጻፊው።

አሁን ሦስቱን ስዊቾች በወረቀት ልሳልልሽ። ምድር ቤት ሰርቨሩና ራውተሩ የተሰኩበት «ሀ» ነው። አንደኛ ፎቅ «ለ»፣ ሁለተኛ ፎቅ «ሐ»። ሀ እና ለ የተገናኙት በጊጋቢት ኬብል ነው። ሐ ግን አሮጌ ነው። የቀድሞው ስዊች በኃይል መዋዠቅ ተቃጥሎ፣ አንድ ባለሙያ ከመጋዘን አውጥቶ የሰካው፣ ከ100 ሜጋቢት የማያልፍ ዕቃ። ከሀም ከለም ጋር አንድ አንድ ኬብል አለው። ስለዚህ ሦስት ማዕዘን ሆኑ ማለት ነው፤ አንዱ ኬብል ቢበጠስ በሌላው ይዞራሉ።

ይህ ሦስት ማዕዘን ጠባቂ ከሌለው አደጋ ነው። አንድ ኮምፒውተር ሰርቨሩን ሲፈልግ «ይህ አድራሻ የማን ነው?» ብሎ ለሁሉም ይጣራል። ስዊች እንዲህ ያለውን ጥሪ ከመጣበት ፖርት በቀር በሁሉም ይልከዋል። ሀ ለለና ለሐ ይልካል፤ ለ ለሐ ያስተላልፋል፤ ሐ መልሶ ለሀ። ሌላው ቅጂ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ይዞራል። የአይፒ ፓኬት በየራውተሩ እየቀነሰ የሚያልቅ ቁጥር ስላለው መጨረሻው ሞት ነው። የኤተርኔት ፍሬም ግን እንዲህ ያለ ቁጥር የለውም። አንዴ ከገባ ሰው ኬብል እስኪነቅልለት ድረስ ይዞራል፤ አዳዲስ ጥሪዎችም እየተጨመሩበት በሰከንዶች ውስጥ መስመሩ ይሞላል። ያንን ቀን የምታውቂው የስዊቹ መብራቶች በሙሉ በአንድ ምት ሲርገበገቡ ነው። ሎጉ ላይም አንድ የማክ አድራሻ በሁለት ፖርቶች መካከል ሲዋልል ታያለሽ።

ራዲያ ፐርልማን የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1985 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት በሚባለው ኩባንያ ሳለች ለዚህ መላ አበጀች። ስፓኒንግ ትሪ የሚባለው እሱ ነው። ስዊቾቹ መጀመሪያ ከመካከላቸው አንድ አለቃ ይመርጣሉ፤ ሩት ብሪጅ ይሉታል። ከዚያ እያንዳንዱ ወደ ሩቱ የሚወስደውን ርካሽ መንገድ ይይዝና ቀለበት የሚፈጥረውን ትርፍ መንገድ ይዘጋል። የተዘጋው መንገድ ግን ተጠባባቂ ነው። ዋናው ሲበጠስ ይከፈታል።

ችግራችን ያለው ምርጫው ላይ ነበር። እያንዳንዱ ስዊች መለያ አለው። መጀመሪያ ፕራዮሪቲ የሚባል ቁጥር፣ ቀጥሎ የማክ አድራሻው። ትንሹ ያሸንፋል። ፕራዮሪቲውን ማንም ካልነካው የሁሉም 32768 ስለሆነ እኩል ይወጣሉ፤ ያኔ የሚለያቸው ማክ አድራሻ ብቻ ነው። አሮጌ ዕቃ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ትንሹን ማክ አድራሻ ይዞ ይገኛል። ፍጥነቱን፣ ጤንነቱን፣ ሰርቨሩ የት እንዳለ የሚጠይቅ የለም። እኔ ሀ ላይ ገብቼ `show spanning-tree vlan 1` ስል የወጣልኝ ይህን ይመስል ነበር፦

```
Root ID    Priority    32769
           Address     0009.7c41.2a80
           Cost        19
```

32769 መሆኑ አያስደንግጥሽ፤ 32768 ላይ የቪላኑ ቁጥር 1 ተደምሮ ነው። ዋናው አድራሻው ነው። ሩቱ እኔ የገባሁበት ስዊች ቢሆን ኖሮ `This bridge is the root` ይለኝ ነበር። አላለም። አድራሻውን ይዤ ፎቅ ለፎቅ ስወጣ የሐ ጀርባ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። ከመጋዘን የመጣው አሮጌ ስዊች የሕንፃው አለቃ ሆኗል።

ቀጥሎ ሒሳቡን አብረሽኝ ሥሪ። በዚያ ስዊች ቆጠራ የጊጋቢት መንገድ ዋጋ 4፣ የ100 ሜጋቢት ደግሞ 19 ነው። ሀ ወደ ሐ በቀጥታ ቢሄድ 19፣ በለ በኩል ቢዞር 4 እና 19፣ 23። ቀጥታው ይረክሳል። ለም እንደዚሁ፤ በቀጥታ 19፣ በሀ በኩል 23። ሁለቱም የሐን ቀጭን ኬብል መረጡ። ታዲያ በመካከላቸው ያለው ጊጋቢት ምን ይሁን? ሦስቱም ክፍት ከሆኑ ቀለበት ነው። ስለዚህ አንደኛው ጫፍ መዘጋት አለበት። ሀ እና ለ ከሩቱ እኩል 19 ስለሚርቁ በመለያ ተወዳደሩ፤ የሀ አነስ ያለ ነበርና የለ ፖርት ተዘጋ።

አየሽ? በሕንፃው ውስጥ ያለው ምርጥ ኬብል ብርቱካናማ በርቶበት ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። የሒሳብ ክፍሉ ትራፊክ በሙሉ ከአንደኛ ፎቅ ወደ ሁለተኛ ይወጣል፣ በአሮጌው ስዊች አልፎ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። መብራት ሲጠፋ ሐ ጀነሬተር ስለሌለው ይሞታል። ለ ወደ ሩቱ የሚወስደው መንገድ ሲቋረጥበት ዘግቶት የነበረውን የጊጋቢት ፖርት ይከፍታል። 15 ሰከንድ ያዳምጣል፣ 15 ሰከንድ አድራሻ ይማራል፣ ከዚያ ያስተላልፋል። ግማሽ ደቂቃ ቆም ይልና ሲስተሙ ይፈጥናል። መብራት ሲመለስ ሐ ተነስቶ አለቅነቱን ይቀማል፤ እንደገና ግማሽ ደቂቃ ድርቅ፣ ከዚያ መንቀራፈፍ። ሴትዮዋ የነገረችን ይህንን ነው።

ያስተካከልኩት በሁለት መስመር ነው። ሩት ስትቀይሪ ኔትወርኩ ለጊዜው ይቋረጣል። ስለዚህ ቢሮው ዝግ የሚሆንበትን ዓርብን ጠበቅኩ። ሀ ላይ፦

```
spanning-tree vlan 1 priority 4096
```

ለ ላይ ደግሞ ሀ ቢሞት ተተኪ እንዲሆን፦

```
spanning-tree vlan 1 priority 8192
```

ቁጥሩ በ4096 ብዜት ብቻ ነው የሚሄደው፤ 5000 ብትዪው አይቀበልሽም። አሁን ለ ወደ ሩቱ በ4 ደረሰ፤ ጊጋቢቱ ተከፈተ። ሐ በቀጥታ 19 ስለሆነ ቀጥታውን ያዘ፤ የተዘጋው ወደ ለ የሚሄደው የሐ ፖርት ሆነ። መዘጋት የነበረበትም እሱ ነው። ሰኞ መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ከሁለተኛ ፎቅ በቀር የተሰማው ሰው የለም።

አሁን ወደ አንቺ ብርቱካናማ መብራት እንመለስ። መዘጋቱን ትተሽ «ሩቱ ማነው? መዘጋት የነበረበትስ ይህ ኬብል ነው?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ አዎ ከሆነ እጅሽን ሰብስቢ። አይደለም ከሆነ ፕራዮሪቲውን አስተካክዪ። አንዳንዱ ግን መብራቱ አረንጓዴ እንዲሆንለት ብሎ `no spanning-tree vlan 1` ይላል። ይህን አንቺ በፍጹም እንዳታደርጊ። መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፤ ቀለበቱም በዚያው ቅጽበት ይገጥማል።

የተዘጋ ፖርት በስህተት የሚከፈትበትም መንገድ አለ። ፖርቱ ዝም የሚለው ከማዶ በየሁለት ሰከንዱ ቢፒዲዩ የሚባለው መልእክት ስለሚደርሰው ነው። ለ20 ሰከንድ ካልሰማ «ማዶ ማንም የለም» ብሎ ለመከፈት ይነሳል። ከፋይበር ሁለት ክሮች አንዱ ብቻ ቢጎዳ፣ ወይም ስዊቹ በሥራ ታንቆ መልእክቱን መላክ ቢያቅተው፣ ማዶ ሰው እያለ ይከፈትና ቀለበት ይሆናል። ስዊቾችን እንደ ሰንሰለት መቀጣጠልም መዘዝ አለው። በነባሪዎቹ የሰዓት መጠኖች የሚመከረው ከዳር እስከ ዳር ከሰባት ስዊች እንዳያልፍ ነው። ቦስተን ያለው ቤት እስራኤል ዲኮነስ ሆስፒታል ኔትወርኩን ከዚያ በላይ አስረዝሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2002 ስፓኒንግ ትሪው ተናግቶ ሐኪሞቹ ለቀናት በወረቀት ሠርተዋል። አዲሱ ፈጣን ስሪት መንገድ ለመቀየር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም፤ ስዊችሽ ከቻለው እሱን አብሪ። የሩት ምርጫው ግን ያው በትንሹ ቁጥር ነው፤ አይለወጥም።

የመጨረሻው የሰው ጠረጴዛ ነው። አንዱ ርካሽ ስዊች ገዝቶ ጠረጴዛው ሥር ይሰካል፤ ሌላው ወለል ላይ የተንጠለጠለ ኬብል አይቶ ሁለቱንም ጫፍ እዚያው ስዊች ላይ ይሰካዋል። ኮምፒውተር ብቻ በሚሰካባቸው ፖርቶች ላይ እነዚህን ጻፊ፦

```
spanning-tree portfast
spanning-tree bpduguard enable
```

የመጀመሪያው ኮምፒውተሩ ያንን ግማሽ ደቂቃ ሳይጠብቅ እንዲገባ ነው። ሁለተኛው ቢፒዲዩ በዚያ ፖርት ከመጣ ፖርቱን ወዲያው ያጠፋዋል። የጠረጴዛው ርካሽ ስዊች ቢፒዲዩ ካስተላለፈ የራስሽ ስዊች የላከው መልእክት ዞሮ ተመልሶበት ቀለበቱን ያውቀዋል። መልእክቱን የሚውጥ ዓይነት ከሆነ ግን ይህ ጥበቃ አያየውም፤ ያኔ የሚያስጠነቅቅሽ የመብራቶቹ መርገብገብና ሎጉ ነው። ፖርቱ ሲጠፋ ሰውዬው «ኢንተርኔት የለም» ብሎ ይመጣል። መልሰሽ ከማብራትሽ በፊት ሄደሽ ጠረጴዛው ሥር እዪ።

በይ አሁን ቁልፍ ሰሌዳውን ያዢ። ማታ ከመውጣትሽ በፊት በእያንዳንዱ ስዊች ገብተሽ `show spanning-tree` በዪ፤ ሩቱ የትኛው እንደሆነ፣ የተዘጋውም ኬብል የቱ እንደሆነ በወረቀት ጽፈሽ ካቢኔቱ በር ላይ ለጥፊልኝ።