የማድረሻ ዋጋ ለገዢው ስለሚታይበት መንገድ

ከመካከላችን አንዱ ባለፈው ዓመት ደሴ ላለች እኅቱ ሁለት የትምህርት መጻሕፍት ለመላክ አስቦ፣ ስሙን ከማንጠቅሰው አንድ የኢንተርኔት መደብር ገባ። መጻሕፍቱን መርጦ ቅርጫቱን ሲከፍት «ማድረሻ 150 ብር» የሚል አነበበ። ሒሳቡን ሠርቶ፣ ከኪሱ ጋር ተማክሮ፣ የእኅቱን አድራሻ ከጻፈ በኋላ ግን በመጨረሻው ገጽ ላይ ያው ማድረሻ 320 ብር ሆኖ ጠበቀው። ተታለልሁ ብሎ ትቶ ወጣ። ኋላ ባለ መደብሩን አግኝተን ብንጠይቃቸው አሠራሩን ከፍተው አሳዩን፤ ማታለል አልነበረም። የመጀመሪያው ቁጥር የአዲስ አበባ፣ ሁለተኛው የደሴ ዋጋ ነበር። ሰውዬው ገዢ ያጡት ዋጋቸው ስለ በዛ ሳይሆን ዋጋው በተሳሳተ ሰዓት ስለ ታየ ነው። ይህ ነገር ስለ አስደነቀን ጥቂት ወራት አጥንተነው፣ የደረስንበትን ለጓደኞቻችን ለማካፈል እንወዳለን። ከእኛም መካከል መጽሐፍ ወይም ልብስ በዚህ መንገድ የሚሸጡ መኖራቸውን እናውቃለንና።

መደብሩ የቆመው ብዙ ሰው በሚጠቀምበት በዎርድፕረስና በዉኮሜርስ ላይ ነው። ዉኮሜርስ የማድረሻ ዋጋን የሚያወጣው አገሩን በቀጠና ከፋፍሎ ነው፤ በገጹ ላይ `Shipping zones` ይለዋል። ለእያንዳንዱ ቀጠና የማድረሻ ዐይነቶች ይሰጡታል፤ ይኸውም ቁርጥ ዋጋ፣ ነጻ ማድረሻ፣ ወይም ገዢው ራሱ መጥቶ የሚወስድበት ነው። የገዢው አድራሻ በደረሰ ጊዜ መርሐ ግብሩ የቀጠናዎቹን ዝርዝር ከላይ ወደ ታች ያነብባል፤ አድራሻው የሚገባበትን የመጀመሪያውን ቀጠና ሲያገኝ እዚያው ይቆማል። ከታች ያሉትን ከቶ አይመለከታቸውም። ስለዚህ «ኢትዮጵያ በሙሉ» የሚል ቀጠና ከላይ፣ «አዳማ» የሚል ከታች የተቀመጠ እንደ ሆነ፣ የአዳማ ሰው የአዳማን ዋጋ በሕይወቱ አያየውም። ጠባቡ ከላይ፣ ሰፊው ከታች መሆን አለበት።

ነገር ግን ለእኛ አገር የሚከብደው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ቀጠና የሚለየው በአህጉር፣ በአገር፣ በክልል ወይም በፖስታ መለያ ቁጥር ነው እንጂ በከተማ ስም አይደለም። እኛ ደግሞ በየቤታችን የፖስታ መለያ ቁጥር መጻፍ አልለመድንም፤ አድራሻችን «ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት» ነው። በክልል ብቻ ቢከፈል አዳማና ነቀምት አንድ ዋጋ ሊከፍሉ ነው፤ አንደኛው ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲርቅ ሁለተኛው ከ300 ይበልጣል። ገዢው የከተማውን ስም በእጁ ይጻፍ ቢባልም አይሆንም። አንዱ «አዳማ» ሌላው «ናዝሬት» ይላል፤ አንዱ «ቢሾፍቱ» ሌላው «ደብረ ዘይት»፤ አንዲቱ ከተማ ደግሞ በሐመሩ «ሐዋሳ»፣ በሃሌታው «ሀዋሳ»፣ በአልፋውም «አዋሳ» ትባላለች። የሥነ ጽሑፍ ፋኩልቲ ተማሪ በፊደላት ብዛት ይደሰት ይሆናል፤ ማሽኑ ግን ሦስት የተለያዩ ከተሞች ናቸው ብሎ ያምናል።

መፍትሔው ከተሞቹን በክልል ቦታ አስገብቶ ገዢው እንዲጽፍ ሳይሆን እንዲመርጥ ማድረግ ነው። ይህን የሚያደርገው አጭር ጽሑፍ የሚከተለው ነው፤

```php
add_filter( 'woocommerce_states', function ( $states ) {
    $states['ET'] = array(
        'AA'  => 'አዲስ አበባ',
        'ADM' => 'አዳማ (ናዝሬት)',
        'DES' => 'ደሴ',
    );
    return $states;
} );
```

ይህ ከገባ በኋላ እያንዳንዱን ከተማ በቀጠናው ውስጥ መምረጥ ይቻላል። ሁለት ጥንቃቄ ያሻዋል። በዝርዝሩ ውስጥ የሌለች ከተማ ሰው መምረጥ ስለማይችል «ሌላ ከተማ» የሚል መስመር መጨመር፣ ለእርሱም የራሱን ቀጠና ማበጀት ያስፈልጋል። ሁለተኛም እንደ `ADM` ያለው መለያ አንድ ጊዜ ከተሰጠ በኋላ አይለወጥ፤ የቆዩት ትእዛዞች የያዙት መለያውን እንጂ ስሙን አይደለምና፣ ቢለወጥ በአሮጌዎቹ ደረሰኞች ላይ ከከተማው ስም ይልቅ ባዶ ፊደላት ይቀራሉ።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ሞተር ከበር እስከ በር ስለሚወስድ ነገሩ ቀላል ነው። ወደ አዳማ ሲሆን ግን ባለ ሞተሩ ዕቃውን እስከ መናኸሪያ ያደርሳል፣ ከዚያ አውቶቡስ ይወስደዋል፣ በአዳማም ተቀባዩ መናኸሪያ ሄዶ ይረከባል። ለምሳሌ ያህል ባለ ሞተሩ ለአንድ ጉዞ 100 ብር፣ አውቶቡሱ ደግሞ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ 20 ብር ይቀበላሉ እንበል። ባለ ሞተሩ አንድ መጽሐፍ ቢይዝ ዐሥርም ቢይዝ ጉዞው ያው አንድ ነው፤ የሚያድገው የአውቶቡሱ ብቻ ነው። ስለዚህ በቁርጥ ዋጋው ሳጥን ውስጥ የሚጻፈው እንዲህ ነው፤

```
100 + (20 * [qty])
```

`[qty]` ማለት በቅርጫቱ ያለው የዕቃ ብዛት ነው። አንድ መጽሐፍ 120 ብር፣ ሦስት 160፣ ዐሥር 300 ይሆናል። የአንዱን መጽሐፍ ዋጋ ወስዶ `120 * [qty]` ብሎ የጻፈ ሰው ግን ለሦስት መጻሕፍት 360 ብር ያስከፍላል፤ አንድ ያልተደጋገመ ጉዞ ሦስት ጊዜ አስከፈለ ማለት ነው። ብዙ የሚገዛው ሰው በዚህ ምክንያት ይሸሻል፤ ባለ መደብሩም የሚሸሸውን ስለማያየው ምክንያቱን አያውቅም። ይህ ስሌት ግን ወፍራሙን መዝገበ ቃላትና ቀጭኑን የግጥም መድበል እኩል ይቆጥራል፤ የክብደቱ ልዩነት ብዙ ከሆነ ዕቃዎቹን በ`Shipping classes` መለየት ይገባል።

ለማድረሻው የሚሰጠውም ስም ሊታሰብበት ይገባል። «ቁርጥ ዋጋ» የሚል ስም ለገዢው ምንም አይነግረውም። «በአውቶቡስ፤ ከአዳማ መናኸሪያ የሚረከቡት» ቢባል ግን ዕቃው ቤቱ ድረስ እንደማይመጣ ከመክፈሉ በፊት ያውቃል። ቤት ድረስ የሚያደርስ ሰው በአዳማ ካለ ሁለተኛ መስመር ሆኖ ከነዋጋው ከጎኑ ይቁም፤ ምርጫው የገዢው ነው።

ወደ ደሴው ነገር ስንመለስ፣ በዉኮሜርስ ውስጥ ገዢው አድራሻውን ሳይሰጥ የት እንዳለ ይታሰብ የሚል ቅንብር አለ። የዚያ መደብር ቅንብር ሁሉም ሰው በመደብሩ አድራሻ እንዳለ እንዲቆጠር የሚያደርግ ነበር። መደብሩ አዲስ አበባ ስለሆነ ደሴም፣ ጎንደርም፣ ጅማም ያለ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው የአዲስ አበባን 150 ብር ነው። በ`Shipping settings` ገጽ ላይ `Hide shipping costs until an address is entered` የሚለው ምልክት ሲደረግበት፣ አድራሻ እስኪገባ ድረስ ምንም ዋጋ አይታይም። ይህም ብቻውን አይበቃም፤ ዋጋውን ለማወቅ ስሙንና ስልኩን አስቀድሞ መስጠት የማይወድ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ የየከተማውን ዋጋና ስንት ቀን እንደሚፈጅ የሚያሳይ አንድ ሰንጠረዥ በግልጽ ገጽ ላይ፣ ከየመጽሐፉም ሥር ወደ እርሱ የሚወስድ መስመር እንዲኖር ባለ መደብሩን መከርናቸው።

ይህን ሁሉ ካስተካከሉ በኋላ መሞከር ያስፈልጋል። በዚያው ገጽ `Enable debug mode` የሚለው ሲበራ፣ የቅርጫቱ ገጽ አድራሻው በየትኛው ቀጠና እንደ ገባ በስሙ ይናገራል። እኛም ከባለ መደብሩ ጋር ተቀምጠን ከተማ በከተማ ሞከርነው። አዲስ አበባ ደኅና ነበረች። አዳማን ስንመርጥ ግን «ኢትዮጵያ በሙሉ» አለን፤ ያ ቀጠና ገና ከላይ ተቀምጦ ኖሯል። ወደ ታች ጎትተን አወረድነውና ደግመን ብንሞክር «አዳማ» አለ፤ ለሦስት መጻሕፍትም 160 ብር አወጣ። ሲጨርሱ ያንን መሞከሪያ ማጥፋት አይረሳ፤ መልእክቱ ለገዢዎችም ይታያልና። ባለ መደብሩ ረስተውት በማግስቱ አንድ ገዢ ደውሎ «ይህ የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ ምንድር ነው?» ብሎ ጠየቃቸው።