በልደት መልእክት ውስጥ ያለ ቀልድ

አንድ በከተማ የሚሠራ ወጣት፣ በገጠር ለሚኖሩት አያቱ በስልክ የልደት መልእክት ጻፈ እንበል። መልእክቱ እንዲህ ይላል፦

«አባባ፣ እንኳን ለ70ኛ ዓመት ልደትዎ አደረሰዎ። ሞት የረሳዎት ይመስላል!»

ወጣቱ ሊል የፈለገው «አሁንም ብርቱ ነዎት» ነው። ከጓደኞቹ ጋር በልደት ቀን በዕድሜ መቀላለድ ለምዷል። አያቱ ግን ነገሩን በሌላ መንገድ ሊሰሙት ይችላሉ። ለምን?

አንደኛ፣ በገጠር ብዙ ሽማግሌዎች የልደት ቀን እያከበሩ አላደጉም። የልደት ቀንን ቀልድ አያውቁትም። በደስታ ቀን ሞትን ማንሳት ለእነሱ ሟርት ነው።

ሁለተኛ፣ ጽሑፍ ፊትና ድምፅ የለውም። ወጣቱ በአፉ ቢናገረው ኖሮ ሳቁ ይታይ ነበር። መልእክቱን ግን የጎረቤት ልጅ ያነብላቸው ይሆናል። ቤት ያለው ሰው ሁሉ ይሰማል። ለብቻ ሲሆን የሚታለፍ ቀልድ በሰው ፊት ውርደት ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ከቃሉ ሥር ሌላ ነገር ይፈልጋል። አያቱ «ምነው፣ ውርሱ ዘገየበት እንዴ?» ሊሉ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀልድ መሆኑ ይቀራል።

ታዲያ ይህ ከመላኩ በፊት እንዴት ይታወቃል?

መጀመሪያ፣ የጻፉትን ድምፅን ከፍ አድርጎ፣ ሳይስቁ፣ እንደተቆጣ ሰው ማንበብ ነው። እንዲህ ሲነበብ ስድብ ከመሰለ፣ ሰሚውም ስድብ ሊለው ይችላል። ቀጥሎ፣ የሚሳቀው በማን ላይ እንደሆነ መለየት ነው። ታናሽ በታላቁ ከሳቀ ድፍረት ይባላል። አያቱ ራሳቸው «እኔማ አርጅቻለሁ» እያሉ ይቀልዱ ይሆናል። ይህ ግን ለልጅ ልጅ ፈቃድ አይሆንም።

ቀልዱን ወደ ራስ ማዞር ይቻላል፦

«አባባ፣ እንኳን ለ70ኛ ዓመት ልደትዎ አደረሰዎ። እኔ በ25 ዓመቴ ዳገቱን ስወጣ ሦስት ጊዜ አርፋለሁ። እርስዎ ግን ከላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።»

ሐሳቡ ያው ነው፤ አያቱ ብርቱ ናቸው። የሚሳቀው ግን በጸሐፊው ነው። ማንም ቢያነበው፣ ማንም ቢሰማው ሌላ ትርጉም አይወጣለትም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥርጣሬ ከቀረ፣ ቀልዱን ፊት ለፊት ለሚገናኙበት ቀን ማቆየት ነው። መልእክቱ ከተላከ በኋላ አያቱ ዝም ካሉ ወይም «ደርሶኛል» ብቻ ካሉ፣ ሌላ መልእክት መጻፍ አይበቃም። ደውሎ በድምፅ ማስረዳት ይሻላል።

ጥያቄዎች

1. የመጀመሪያው መልእክት ለምን ሟርት ሊመስል ይችላል?
2. በሁለተኛው መልእክት የሚሳቀው በማን ነው?
3. ለአንድ ታላቅ ዘመድዎ የልደት መልእክት ይጻፉ። ሳይስቁ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡት።