«4 እጥፍ» ስንል ምኑን ነው?

የመመረቂያ ጥናት ለያዛችሁ የጤና ተማሪዎች፦ በSPSS የሎጂስቲክ ሪግሬሽን ሰንጠረዥ ውስጥ በ`Exp(B)` ሥር የሚወጣው ቁጥር ኦድስ ሬሾ ነው።

ለምሳሌ በቴፒ ዙሪያ የቅድመ ወሊድ ክትትል ካደረጉ 100 እናቶች 80ዎቹ፣ ካላደረጉ 100 እናቶች ደግሞ 50ዎቹ በጤና ተቋም ወለዱ እንበል። ኦድስ ማለት በተቋም የወለዱት ቁጥር በሌላ ቦታ ለወለዱት ሲካፈል ነው። 80 ለ20 ሲካፈል 4፣ 50 ለ50 ሲካፈል 1 ነው፤ ሬሾውም 4 ይሆናል።

ብዙዎች ይህን «ክትትል ያደረጉት በተቋም የመውለድ ዕድላቸው 4 እጥፍ ነው» ብለው ይጽፉታል። ግን 80 የ50 አራት እጥፍ ነው እንዴ? 1.6 እጥፍ ብቻ ነው። «ዕድል» የሚለው ቃላችን ሁለቱንም ስለሚሸከም ስህተቱ አይታይም። ክስተቱ ብርቅ ሲሆን ሁለቱ ቁጥሮች ይቀራረባሉ፤ እንዲህ የተለመደ ሲሆን ግን በጣም ይራራቃሉ።

ለጤና ቢሮ አንባቢ እንዲህ ብትጽፉለት ይሻላል፦ «ክትትል ካደረጉት 80 በመቶ፣ ካላደረጉት 50 በመቶ በተቋም ወልደዋል (ኦድስ ሬሾ 4፤ 95% የመተማመኛ ክልል ከ2.1 እስከ 7.5)።» ዕድሜና ትምህርት ሞዴሉ ውስጥ ከገቡ ኦድስ ሬሾው ስለሚለወጥ አዲሱን ቁጥር ወስዳችሁ «በዕድሜና በትምህርት ተመሳሳይ የሆኑ እናቶች ሲነጻጸሩ» የሚለውን ጨምሩበት።