የማይከፈልበት ሰዓት በሰዓት ክፍያ ተመን ላይ ያለው ተጽዕኖ፦ በዲጂታል መድረክ የሚሠራ ተርጓሚ ምሳሌ

በግላቸው የሚሠሩ ባለሙያዎች የሰዓት ክፍያቸውን ሲተምኑ፣ ብዙውን ጊዜ የሚፈልጉትን ወርኃዊ ገቢ ለጠቅላላ የሥራ ሰዓት ያካፍላሉ። ይህ ስሌት ወጪን፣ የመድረኩን ኮሚሽንና ክፍያ የማይታሰብበትን ሰዓት ስለሚዘነጋ ተመኑን ዝቅ ያደርገዋል። ይህ ጽሑፍ ሦስቱን የሚያካትት ቀመር በመላምታዊ ምሳሌ ያሳያል።

ቀመሩ የሚከተለው ነው፦

ተ = (ገ + ወ) ÷ [ሰ × (1 − ክ)]

«ተ» የሰዓት ተመን፣ «ገ» ከግብር በፊት የሚፈለገው ወርኃዊ ገቢ፣ «ወ» ወርኃዊ ወጪ፣ «ሰ» በወር ክፍያ የሚታሰብበት ሰዓት፣ «ክ» የኮሚሽን ምጣኔ ነው።

በአዲስ አበባ የሚኖር አንድ ተርጓሚ በወር 60,000 ብር ማግኘት ይፈልጋል እንበል። ለኢንተርኔት፣ ለመብራት፣ ለሥራ ቦታ ኪራይና ለኮምፒውተር የእርጅና ተቀናሽ 12,000 ብር ያወጣል። በሳምንት 40 ሰዓት፣ በዓመት 48 ሳምንት ቢሠራ፣ ወርኃዊ አማካዩ 160 ሰዓት ይሆናል፤ ቀሪው 4 ሳምንት ለበዓል፣ ለዕረፍትና ለሕመም የተተወ ነው። ሥራ ለማፈላለግ፣ ከደንበኛ ጋር ለመጻጻፍና ሒሳብ ለመያዝ 30 በመቶው ቢውል፣ የሚከፈልበት 112 ሰዓት ብቻ ነው። ኮሚሽኑ 10 በመቶ ከሆነ፣ 72,000 ለ0.90 ሲካፈል 80,000 ብር ይሰጣል፤ ይህም ለ112 ሲካፈል ወደ 715 ብር ይጠጋል። በተለመደው ስሌት ግን ተመኑ 375 ብር ብቻ ይሆን ነበር።

ኮሚሽኑ የሚቀነሰው ደንበኛው ከሚከፍለው ጠቅላላ ሒሳብ በመሆኑ፣ በ72,000 ላይ 10 በመቶ መጨመር አይበቃም። 79,200 ብር ላይ ኮሚሽኑ ሲነሣ 71,280 ብር ይቀራል፤ ስለዚህ 720 ብር ይጎድላል። ገንዘብ ለማዛወር የሚጠየቅ ቋሚ ክፍያ በወጪ ውስጥ ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ ውጤቱን የሚለውጠው ግን የማይከፈልበት ሰዓት ግምት ነው። ድርሻው ወደ 50 በመቶ ቢያድግ የሚከፈልበት ሰዓት 80 ብቻ ይሆናል። ተርጓሚው በ715 ብር ከጸና፣ ኮሚሽንና ወጪ ተቀንሶ የሚተርፈው 39,480 ብር ነው፤ ይኸውም ካቀደው ሲሶ ያህሉን ያጣል። ገቢውን ለመጠበቅ ተመኑ 1,000 ብር መሆን አለበት። የኮሚሽኑ ምጣኔ ከውል ይታወቃል፤ የማይከፈልበት ሰዓት ግን የሚታወቀው በመመዝገብ ብቻ ነው። ስለሆነም ቢያንስ ለአራት ሳምንታት እያንዳንዱን የሥራ ሰዓት መዝግቦ ግምቱን በልኬት መተካት ያስፈልጋል።

ቀመሩ ሁለት ገደቦች አሉት። አንደኛ፣ የንግድ ገቢ ግብር እንደ ገቢው መጠን ስለሚያድግ በአንድ ወጥ መቶኛ ሊካተት አይችልም፤ በየእርከኑ ለብቻው መሰላት አለበት። ሁለተኛ፣ የሚገኘው ውጤት የወለል ዋጋ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። ገበያው ከዚህ በታች የሚከፍል ከሆነ፣ ቀመሩ የሚያመለክተው ወጪን ወይም የማይከፈልበትን ሰዓት መቀነስ፣ አለዚያም የታቀደውን ገቢ ማሻሻል እንደሚገባ ነው።